ሚዜው ከ25 ዓመት በኋላ

ጥር የሰርግ ወር ነው። የገና ጾም ወጥቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ነነዌና ዐቢይ ጾም እስኪገቡ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ ማግኘት ጭንቅ ነው። የጋብቻ በዓሎችም በዚሁ ወር ይደራረባሉ። የዛሬ 25 ዓመት የተሞሸሩ ባልና ሚስት ልጆቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ሰብስበው የብር ኢዮቤልዩአቸውን ሲያከብሩ፣ ምግቡ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ማይክራፎኑ ዞሮ ዞሮ አንደኛ ሚዜው እጅ ላይ ይደርሳል። የአብዛኛው ሚዜ ንግግር ታዲያ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው።

የተለመደው መልእክት ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀው ነው፦ ፍቅራችሁ ለሌሎች አርአያ ሆኗል፣ ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን፣ ለወርቁ ያድርሳችሁ። ምኞቱ ምንም ነውር የለበትም። ችግሩ፣ ሙሽሮቹን ትናንት የተዋወቀ የሥራ ባልደረባም ይህንኑ ቃል በቃል ሊለው መቻሉ ነው። ምርቃት ደግሞ የአባቶችና የእናቶች ድርሻ ነው፤ ሽማግሌው ቆሞ ሲመርቅ ቤቱ አሜን ይላል። ሚዜ ግን እኩያ ነው። ቢመርቅም ከሽማግሌው የተሻለ አይመርቅም። በእጁ ያለው ሌላ ሀብት ነው፤ የሰርጉን ቀን ከሙሽሮቹ አጠገብ ቆሞ አይቷል፣ ከዚያም በኋላ ቤታቸው ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ምስክር ነው፤ ከምስክር የሚጠበቀውም ያየውን መናገር ነው።

ለአብነት እሑድ ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጋብተው፣ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ጥንዶች አሉ እንበል። ሚዜያቸው አዲስ አበባ ቀርቷል። መልእክት ሊጽፍ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈትነው ቀኑ ነው። ሰርጉ የዋለው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 2000 ነበር፤ አሜሪካ ያሉት ጥንዶችም የሚያከብሩት ጃንዋሪ 23ን ነው። ሚዜው ግን የሚቆጥረው በእኛ ነው። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዋለው ጃንዋሪ 22 ነው። አንድ ቀን የት ገባች? በ1991 መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ1992 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ የ2017ቱ ግን እንደ አዘቦቱ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ላይ ነበር። በዚህ ምክንያት የሚዜው «እንኳን አደረሳችሁ» ጥንዶቹ ከሚጠብቁት ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

መቅደሙስ አይከፋም፤ መዘግየት ነው የሚያስወቅሰው። ግን ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዓመት ጥር 14 ረቡዕ ላይ ዋለ፤ ለሚጾም ቤተሰብ ክትፎና ዶሮ የሚቀርብበት ቀን አይደለም። ድግሱ በተፈጥሮው ወደ እሑድ ጥር 18 ይሸሻል። ሚዜው «በዛሬዋ ዕለት የዛሬ 25 ዓመት» ብሎ ጽፎ ከላከ፣ እሑድ ለእንግዳ ሲነበብ ዕለቷ አልፋለች። «ዛሬ» የሚለውን ትቶ «ጥር 14» ብሎ ቢጽፍ የትኛውም ቀን ላይ ቢነበብ ያስኬዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ነገሩ ነው። ብዙ ሰው 25 ዓመቱን በሙሉ ለመተረክ ይሞክራል፤ ትውውቁን፣ ሽምግልናውን፣ ሰርጉን፣ መልሱን፣ የልጆቹን ልደት፣ ስደቱን። ሰሚው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል። አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ሚዜው ብቻ ያየው ነገር ይበቃል። የአዲስ አበባ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ቤት በር ላይ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች በሩን ይዘው እየዘፈኑ አላስገባም ይላሉ፤ ሚዜዎቹ ይለማመጣሉ፤ አንደኛው ሽቶ ይዞ እየረጨ መንገድ ያስከፍታል። የኛ ሚዜ ከዚያ ቢነሣ መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጥር 14 የእናትሽ ቤት በር ላይ እህቶችሽ አላሳልፍ ብለውን ስንለማመጥ፣ የያዝኩት ሽቶ ሳሎን ሳንደርስ አለቀ። አንተ ከኋላዬ ሆነህ ‹ውሃ ሙላበት› አልከኝ፤ ሞላሁበት። አንቺ ግን ገና ስንገባ ነቃሽብኝ። አበባውን ፊትሽ ላይ ያደረግሽው ሳቅሽን ልትደብቂ ነበር፤ ፎቶው ላይ ያፈርሽ ትመስያለሽ። ከዚያ ወዲህ ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ጎደለ ሲባል ሁለታችሁም ‹ውሃ እንሙላበት› እያላችሁ ስትሳሳቁ ስንት ጊዜ ሰማኋችሁ። ለወርቁ ሁለት ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ፍቅር» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ባልየውም ሚስትየዋም ግን አሉበት፤ እሱ ተናግሯል፣ እሷ ስቃለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባል ጓደኛ የሚጽፈው መልእክት ብዙ ጊዜ የባል ታሪክ ሆኖ ያልቃል፤ ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ኳሱ፤ ሚስት መጨረሻ ላይ «ከውድ ባለቤቱ ጋር» ተብላ ብቅ ትላለች። ጽፎ ሲጨርስ «አንቺ» ያለበትንና «አንተ» ያለበትን ቦታ ቆጥሮ ማስተያየት ጉድለቱን ወዲያው ያሳያል።

የቅርብ ወዳጅ ብዙ ስለሚያውቅ የሚተወውም ብዙ ነው። ምናልባት ጥንዶቹ አንድ ጊዜ ተጣልተው ያስታረቃቸው እሱ ይሆናል። «ስንቱን አሳልፋችሁ» የምትለዋ ሐረግ ለሌላው እንግዳ ተራ አነጋገር ናት፤ ጠቡን ለሚያውቁት ለሁለቱ ግን ትናንት ነው፤ ልጆቹም «ምን ነበር እሱ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የዕርቅ ወሬ ሽማግሌዎቹ ጋ ይቅር። ልጅ ላልወለዱ ጥንዶችም «በልጅ በልጅ ልጅ ተከባችሁ» ማለት ሳያስቡ ቁስል መንካት ነው።

«ለወርቁ ያድርሳችሁ» የሚለውም ቢሆን የሚነገርበትን ዕድሜ ያያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን የተጋቡት ሐምሌ 1903 ዓ.ም. ነው። 25ኛ ዓመታቸው ሐምሌ 1928 ላይ ሲውል አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ ንጉሡም ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ ብዙም አልቆዩም። የስደት ብር ኢዮቤልዩ ነበር። ወርቁ ሐምሌ 1953 ላይ በአገራቸው ተከበረ፤ መታሰቢያ ቴምብርም ታተመለት። እቴጌይቱ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 1954 ላይ ዐረፉ። በ25 ዓመት ላይ ስለ ወርቁ መቀለድ ያምራል። 50 ለደፈኑ አዛውንቶች የሚጽፍ ወዳጅ ግን ገና የሚመጣውን ዓመት ከመቁጠር ያለፈውን ቢያነሣ ይሻላል፤ የመጪውን ዓመት ምኞት «ጤናውን ይስጣችሁ» በሚለው ቢያበቃ ማንም አጭር ነው አይለውም።

የኛ ሚዜ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ በንባብ የሚያምር ረጅም ዓረፍተ ነገር በድምፅ ሲወጣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሽቶው ጋ ሲደርስ እሱ ራሱ ከሳቀ ይተወዋል። ከዚያ በስልኩ ቀድቶ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ለጥንዶቹ ትልቅ ልጅ ይልከዋል፤ እነሱ ቀድመው ቢሰሙት እንግዳ ፊት ሲከፈት አይስቁም። በዚያ ወራት አዲስ አበባ ከሜሪላንድ ስምንት ሰዓት ትቀድማለችና እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢልከው እዚያ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው፤ ልጁ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ ለመሞከር በቂ ጊዜ አለው።