የነጠላ ዘርፍ እና አራተኛው ቁጥር

ነጭ ነጠላ ከግራጫ መጋረጃ ፊት ተሰቅሎ ፎቶ ተነሥቷል። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ላይ የተቋጨው ዘርፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሻጩ መጋረጃው ጠፍቶ ነጠላው ብቻ እንዲቀርለት ይፈልጋል፤ አንዴ ክሬም ቀለም ባለው የሽያጭ ገጽ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ጥቁር አረንጓዴ በሆነ የበዓል ማስታወቂያ ላይ ሊያስቀምጠው አስቧል። ለግራፊክስ ሠሪው «ባክግራውንዱን አጥፋልኝ» ብሎ ይልካል። ተሠርቶ ሲመለስ እጥፋቱም ጥለቱም ደህና ነው። ዘርፉ ግን አይጥ የበላው ይመስላል፤ ካልሆነም ዳር ዳሩን እድፍ የመሰለ ግራጫ ይዟል።

ሁለቱ ጉድለቶች የተለያየ ምክንያት አላቸው። መጀመሪያ የተበላውን እንይ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚንጠለጠል ነጠላ 1,500 ፒክስል ቁመት ባለው ፎቶ ውስጥ ሲገባ አንድ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር ይሸፍናል። የዘርፉ ክር ከዚያ ሊቀጥን ይችላል፤ ስለዚህ ክሩ ባለበት ቦታ ካሜራው የሚመዘግበው ንጹሕ ክር ሳይሆን ግማሽ ክር፣ ግማሽ መጋረጃ የሆነ ድብልቅ ነው። እንዲህ ያለውን ፒክስል «ይቅር» ወይም «ይጥፋ» ከማለት ሌላ ምርጫ የሌለው ቆራጭ አንዱን ያስቀራል፣ ቀጣዩን ይጥላል። ክሩም እየተቆራረጠ ነጠብጣብ ይሆናል።

መፍትሔው በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ አራተኛ ቁጥር ነው። የእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። አራተኛው፣ አልፋ የሚባለው፣ ቀለም አይናገርም። ፒክስሉ ምን ያህል በዕቃው እንደተሸፈነ ይናገራል፤ 0 ከሆነ ምንም የለበትም፣ 255 ከሆነ ከሥሩ ያለው ጨርሶ አይታይም፣ 128 ከሆነ ግማሹ ብቻ ተሸፍኗል። ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ይህን ሐሳብ ያመጡት በ1970ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ ነበር። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ደግሞ በ1984 ሥዕልን በሥዕል ላይ የመደረቢያውን ስሌት ሥርዓት አስያዙለት። የፒኤንጂ ፋይል ይህን ቁጥር ይሸከማል። ተራው ጄፔግ ቦታ የለውም፤ ጂፍም ቢሆን የሚያውቀው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው።

ግራጫው እድፍ የሚመጣው ግን አልፋው ልክ ሆኖም ሊሆን ይችላል። የክሩ ብሩህነት 240፣ የመጋረጃው 100 ነው እንበል። ግማሽ በግማሽ የተደባለቁበት ፒክስል 170 ይሆናል። ሠሪው አልፋውን በትክክል ግማሽ አድርጎ ቀለሙን እንዳለ ከተወው፣ ፒክስሉ 250 በሆነው ክሬም ገጽ ላይ ሲያርፍ የ170 ግማሽና የ250 ግማሽ ተደምሮ 210 ይወጣል። መሆን የነበረበት የ240ና የ250 አማካይ፣ 245 ነው። ስለዚህ ገዢው አዲሱን ነጠላ ያልታጠበ አድርጎ ያየዋል። መጋረጃው ከፎቶው ቢወጣም ቀለሙ በክሩ ውስጥ ተደብቆ አብሮ መጥቷል ማለት ነው። ፎቶሾፕ በ`Select and Mask` መስኮት ውስጥ `Decontaminate Colors` የሚል ምርጫ ያለው ለዚህ ነው፤ የዳር ፒክስሎችን ቀለም ከአጠገባቸው ባለው ንጹሕ ጨርቅ ቀለም ይተካል። ጥለቱ ወደ ዘርፉ በሚጠጋበት ቦታ ግን አረንጓዴውን ወደ ነጩ ክር ሊስበው ስለሚችል፣ እዚያ በእጅ ማረም ግድ ነው።

ነጠላ ሌላም ችግር አለው። ስስ ነው፤ አንድ እጥፍ በሆነበት ቦታ መጋረጃው በጨርቁ ውስጥ ያሳያል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሠሪው ዘርፉን በጥንቃቄ አውጥቶ መሃሉን ሙሉ በሙሉ ድፍን ካደረገው፣ በአረንጓዴው ማስታወቂያ ላይ ጨርቁ ወፍራም ግራጫ ይሆናል። ስስነቱ እንዲታይ ወይስ ጨርቁ ነጭ ድፍን እንዲሆን የሚወስነው ባለ ዕቃው ነው። እኔ ብሆን ስስነቱን አስቀር ነበር፤ ነጠላ ገዢ የሚፈልገው እሱን ነውና።

እንግዲህ ትእዛዙ ከአንድ መስመር ይረዝማል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የምፈልገው በፔን ቱል የተከረከመ ሳይሆን ለዘርፉ ማስክ የተሠራለት ፒኤንጂ ነው። በክሮቹ መካከል ያለው መጋረጃም ይጥፋ። የክሮቹ ዳር ከፊል ግልጽነቱን ይያዝ፣ ግራጫው ቀለም ከውስጡ ይውጣ። አንድ እጥፍ የሆነው ጨርቅ ያሳልፍ፤ ጥለቱ ድፍን ይሁን። በፎቶው ላይ የሌለ ክር አይሳል። ሥራው በዋናው ፎቶ ሙሉ መጠን ይሠራና በመጨረሻ ይነስ። የሚያርፈው ክሬምና ጥቁር አረንጓዴ ላይ ነው። ማስኩ ያለበት የፎቶሾፕ ፋይልም ይላክልኝ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ገንዘብ ታድናለች፤ አንድ ክር ቢበላሽ ማስኩን ማስተካከል እንጂ ከዜሮ መጀመር አይኖርም። ፎቶው አስቀድሞ ተቀንሶ ከተላከ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ክሩ በፋይሉ ውስጥ አልቀረምና።

አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ በማንም እጅ አይድንም። ነጭ ዘርፍ በነጭ ግድግዳ ላይ ተነሥቶ ክሩም ግድግዳውም 245 አካባቢ ከሆኑ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ መረጃ የለም። የተሻለ ባለሙያ ከመፈለግ ይልቅ እንደገና ማንሣት ይቀላል። እንደገና ከተነሣ አይቀር፣ ስሚዝና ጂም ብሊን በ1996 ባሳዩት መንገድ ሁለት ጊዜ ማንሣት ይቻላል፤ አንዴ ከጥቁር፣ አንዴ ከነጭ መደብ ፊት፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ፣ መጋለጡና መብራቱ ሳይነካ። ያው የክር ፒክስል በጥቁሩ ላይ 120፣ በነጩ ላይ 248 ቢሆን ልዩነቱ 128 ነው። ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255 ከሆኑ፣ የመደቡ ለውጥ በግማሽ ያህል አልፎ ታይቷል፤ ክሩ የሸፈነውም ቀሪውን ግማሽ ነው። 120ን ለግማሽ ስናካፍል የክሩ እውነተኛ ቀለም 240 ይገኛል። ያለ ግምት አልፋውም ቀለሙም ወጣ። በተግባር የፋይል ቁጥሮች ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል ስለማይሄዱ ስሌቱ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዘርፉ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል መንቀሳቀስ የለበትም። መስኮት ተዘግቶ፣ ማራገቢያ ጠፍቶ፣ ክሩ እስኪረጋ ይጠበቃል። ሰው የለበሰው ነጠላ ላይ ይህ አይሠራም።

ሥራው ሲመጣ በነጭ ገጽ ላይ አይቶ መቀበል አያዋጣም። ከሥሩ ጥቁር፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ በመጨረሻም የሚያርፍበትን ቀለም ሞልቶ በመቶ እጅ ማጉላት ይበቃል። ቀዩ ያልተነካ የመጋረጃ ቁራጭን ወዲያው ያጋልጣል፤ ብዙውን ጊዜም የሚገኘው በቋጠሮዎቹ መካከል ነው። ነጭና ግራጫ ዳማ ሰሌዳ የሚታይበት ሥዕል ቀይ ላይ ሲቀመጥ ዳማው ካልጠፋ፣ አልፋ የለውም፤ ዳማው ራሱ ተስሎበታል።

ፋይሉ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከሄደ ወደ ጄፔግ ተጨምቆ አራተኛው ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል።