እንዴት ይሠራል? ወይን በናይሮቢ ቁም ሣጥን ውስጥ

ልጃችን በተወለደች ሰሞን አንድ ወዳጃችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልን መጣ። «ስትሞሸር ትከፍቱታላችሁ» ብሎ መርቆ ሰጠን። ኪሊማኒ ባለው አፓርታማችን ከፍሪጁ አናት ላይ ያለው መደርደሪያ ባዶ ነበርና እዚያ አቆምነው። ሰርጉን መጠበቅ አቅቶን ስምንተኛ ልደቷ ላይ ከፈትነው። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ብቅ ብሏል፤ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ወርዶ ደርቋል። ስንቀዳው ቀይነቱ ጠፍቶ የከረመ ሻይ መስሏል። አንድ አንድ ጉንጭ ቀምሰን የቀረውን ደፋነው።

የወይኑ ጥፋት አልነበረም። እኛ ሁለት ነገር ተሳስተናል፦ ለመቆየት ያልተሠራ ጠርሙስ አቆየን፤ ያቆየነውም ቤታችን ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ በከፋው ላይ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ወይን ሲቆይ ይጥማል የሚለው እምነት እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው ምናልባት ከጠጅ የተነሣ ይመስለኛል። ጠጅ ሲሰነብት የሚጠነክረው እርሾው ገና ሕይወት ስላለው፣ የማሩን ስኳር ወደ አልኮል መለወጡን ስለሚቀጥል ነው። የታሸገ ወይን ግን መፍላቱን ጨርሶ ነው ወደ ጠርሙስ የሚገባው። ቢቆይ አይጠነክርም። የሚሆነው ሌላ ነገር ነው።

ቀይ ወይን ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ፣ አንዳንዴም ካረፈበት የእንጨት በርሜል ታኒን የሚባል ነገር ይወስዳል። ብዙ የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ስንጠጣ ምላስና ድድ የሚይዘን እሱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑ እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብዳል፤ ከፊሉም እንደ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። ያረጀ ወይን ቀለሙ የሚፈዘው፣ አፍ መያዙም የሚለዝበው ለዚህ ነው። በዚያው ጊዜ የትኩስ ፍሬ ሽታው ይቀንስና የደረቀ ፍሬ፣ የቆዳ፣ የትምባሆ ቅጠል ጠረን ይተካል። ታኒን፣ ጎምዛዛነት ወይም ብዙ ስኳር የሌለው ወይን ግን ፍሬው ሲጠፋ የሚተካው የለውም። የእኛ ጠርሙስ ከዚህ ወገን ነበር፤ በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ወይንም እንዲሁ ነው። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ናይሮቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ወይን መደርደሪያውን ሞልቶት ታገኙታላችሁ። ከዚያ መካከል ዕድሜ የሚችለው ጥቂቱ ነው፦ ከስቴለንቦሽ አካባቢ የሚመጣ ጠንከር ያለ ካበርኔ ሶቪኞን፣ በጥንቃቄ የተሠራ ፒኖታዥ፣ ከነጭም በርሜል ውስጥ ያረፈ ሸናን ብላን። ጣፋጮቹ ደግሞ ስኳራቸው ይጠብቃቸዋል፤ ከኬፕ ታውን ወጣ ብሎ የሚሠራው ቫን ደ ኮንስታንስ አሥርት ዓመታትን ይሻገራል። በካርቶን የሚሸጠው ግን ከውስጥ ያለው ከረጢት አየር ስለሚያስገባ ከአንድ ዓመት በላይ አይጠበቅበትም። ጠርሙሱ ላይ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ካልተጻፈ ለመጠጣት እንጂ ለማኖር አትግዙት። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ዛሬ ክፈቱ። አፍ የሚይዝ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ፍሬውም የሞላ ከሆነ ቀሪውን ማስቀመጥ ያዋጣል። አሁኑኑ ለስላሳና ደስ የሚል ከሆነ ጨርሱት።

ሁለተኛው ስህተታችን ቦታው ነው። ወይን የሚወደው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ያለ፣ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜና ጨለማ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከሞምባሳ ጋር ስትነጻጸር የታደለች ናት። ነገር ግን ከወገብ መስመር አጠገብ ስለሆነች በክረምትና በበጋ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። የወይኑ ጠላት እሱ ነው።

ለምን? አንድ ጠርሙስ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ወይኑ ወደ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ያብጣል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የጠርሙስ አንገት ጠባብ ነውና ወይኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ይላል። በመካከል የታፈነው አየር ቡሹን ይገፋል። ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ወይኑ ይኮማተርና በቡሹ ዳር አየር ይስባል። ይህ በየቀኑ ለስምንት ዓመት ሲደጋገም ነው የእኛ ቡሽ ብቅ ያለው፣ አንገቱም ያጣበቀው።

ከዚያ በኋላ ቦታ የመረጥነው ለክተን ነው። አንድ ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሞልተን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከተትንበት። አየሩን ሳይሆን ውሃውን የለካነው ወይን እንደ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ነው። በመጋቢት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እየመዘገብን በየቦታው ሳምንት ሳምንት አቆየነው። ከፍሪጁ አናት ላይ ጠዋት 21፣ ከሰዓት 28 ዲግሪ ሆነ፤ የፍሪጁ ሞተር ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ይንቀጠቀጣልም። ምዕራብ የሚያየው መኝታ ቤት የከሰዓት ፀሐይ ስለሚያገኘው እሱም አልሆነም። መካከለኛው ኮሪደር ላይ ያለው ቁም ሣጥን ታችኛው ወለል ግን ጠዋት 19፣ ከሰዓት 20 ነበር። ውጭ የሚያየው ግድግዳ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ይበልጥ ወደ መሬት ይውረድ።

19 ዲግሪ ከ12 በጣም ይርቃል፤ ወይኑ አይበላሽም፣ ግን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ አሥር ዓመት ይቆያል የተባለውን በአምስትና በስድስት ዓመት እጠጣዋለሁ። ቡሽ ያለውን ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድመዋለሁ፤ ክዳኑ የሚጠመዘዘው ግን ቢቆምም ግድ የለውም። ሁሉንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ዓመቱን በላዩ ላይ እጽፋለሁ። ምግብ የምናኖርበት ፍሪጅ ለሳምንታት እንጂ ለዓመታት አይሆንም፤ ብርዱ ወይኑን ያደነዝዘዋል፣ ድርቀቱም ቡሹን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የተለቀመ የስቴለንቦሽ ካበርኔ ስድስት ጠርሙስ ገዝተን በኮሪደሩ ቁም ሣጥን ውስጥ አስተኛናቸው። በ2019 የከፈትነው ምላስ ይዞ አልለቅ አለ። በ2021 ከጥብስ ጋር ለዘብ ብሎ ተገኘ። በ2023 ቀለሙ ዳር ዳሩን የጡብ መልክ ይዞ፣ ሥሩ ላይ ስስ አተላ ነበረው፤ አንድ ቀን አቁመነው እንደ ጠላ ሳናናውጥ ቀዳነው። ከሁሉም የጣፈጠው እሱ ነው። በዓመቱ የተከፈተው ግን ፍሬው መሸሽ ጀምሮ ስለነበር የቀሩትን ሁለቱን በዚያው ወር ጨረስናቸው። ስድስት መግዛት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የትኛው ዓመት እንደሚበቃ የሚናገረው ጠርሙሱ ራሱ ነው።

ያ ወዳጃችን ባለፈው ጊዜ ሲመጣ ሌላ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ «ለሰርጓ» አለ እንደገና። አገላብጬ አየሁት፤ ዓመት የለውም። ራት ሲቀርብ ከፈትኩትና መጀመሪያ ለእሱ ቀዳሁለት።