ያልተነገረውን ማን ሞላው?

አንድ የሥዕል መምህር ለተማሪዎቹ ያደረገው ንግግር

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል ለትምህርት ሥራ ይፈቀዳልን ወይስ ይከለከላል የሚለው ክርክር፣ መሣሪያዎቹ በ2014 ዓ.ም. ክረምት በየሰው እጅ ከገቡ ወዲህ ከጆሯችሁ አልተለየም። አንዳንዱ ስለ ስርቆት፣ አንዳንዱም ስለ ስንፍና ይከራከራል፤ እኔ ግን ችላ የተባለው ምክንያት መሣሪያው ያልተነገረውን ሁሉ በራሱ የሚሞላ መሆኑ ነው እላለሁ።

አሠራሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንደ አሸዋ የተበተነ ትርጉም የለሽ ነጠብጣብ ያኖራል፤ ከዚያም በጻፋችሁለት ቃልና አስቀድሞ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች በቀሰመው ልማድ እየተመራ፣ ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠራ መልክ ያወጣለታል። ቃላችሁ ዝም ባለበት ስፍራ ግን መሪው ልማዱ ብቻ ስለሆነ፣ በተማረው ውስጥ የበዛውን ያመጣል።

በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ትምህርት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ሣሉ ተባላችሁ እንበል። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ሲመልስ፣ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ይህም ጌጥ ሳይሆን ትምህርት ነው። ከእናንተ አንዱ «ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በኢትዮጵያ አሣሣል» ብሎ ቢያዝዝ፣ መሣሪያው ቀለሙንና ወፍራሙን መስመር አስመስሎ፣ የሰማዕቱን ፊት ግን ወደ ዘንዶው አዙሮ በአንድ ዓይን ሊያወጣው ይችላል። ሥዕሉ ያምር ይሆናል፤ ሰማዕቱ ግን ከክፉዎች ረድፍ ቆሟል። ተማሪውን «ፊቱ ስለ ምን በጎን ሆነ?» ብዬ ብጠይቀው መልስ የለውም፤ ያን እርሱ አልወሰነውምና። ይታረም ብሎ ለማዘዝ እንኳ ሥርዓቱን ማወቅ ግድ ነው፤ የሥራውም ዓላማ ይህንኑ ማወቅ ነበር።

በአንጻሩ ሥራው የዐውደ ርእይ ማስታወቂያ ሆኖ የሚመዘነው የፊደላቱ መጠንና አቀማመጥ ቢሆን፣ የጀርባውን ሥዕል መሣሪያው ቢሠራው ጉዳት አላይበትም። ፊደሉን ግን በገዛ እጃችሁ አኑሩ፤ መሣሪያው ፊደል የሚመስል፣ ነገር ግን የማይነበብ ቅርጽ ሊያወጣ ይችላልና።

ስለዚህ ሥራ ሲሰጣችሁ «ይህ ሥራ ምን እንድወስን ያስተምረኛል?» የሚለውን አስቀድማችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ያ ውሳኔ መሣሪያው ከሚሞላው ውስጥ ከሆነ መሣሪያውን ተዉት፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ያዘዛችሁበትን ቃል፣ የመጣውን ሥዕልና የለወጣችሁትንም ከሥራው ጋር አያይዙ።

እኛ መምህራንም ከነቀፋ አናመልጥም፤ ንድፉንና የተፋቀውን መስመር ሳንመረምር፣ ያለቀውን ሥዕል ብቻ እያየን ማርክ ስንሰጥ ኖረናልና። በዚሁ ብንቀጥል የምንመዝነው የተማሪውን ውሳኔ ሳይሆን የመሣሪያውን ልማድ ይሆናል። ነገ አንድ የደብር አለቃ ከሥዕላችሁ ፊት ቆመው «ይህ ገጽ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሚመልሰው መሣሪያው አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።