ለአንድ ከረጢት ቡና ሦስት ኢሜይል

ትንሽ ቡና ቆይ ለአዲስ ደንበኛ የምትልከው የመጀመሪያ ኢሜይል ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ቅናሽ፣ ሦስተኛውም ሌላ ቅናሽ ይሆናል። ደንበኛው ግን በዚያን ሰሞን የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፦ ቡናው መቼ ይደርሳል? እንዴት ላፍላው? ሳልጨርሰው ሌላ ቢመጣስ? ሦስቱ መልእክቶች ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች፣ በየጊዜያቸው መልስ ቢሰጡ ይበቃል።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኞ ሰኞ የይርጋጨፌ ቡና እየቆላች ማክሰኞ በፖስታ የምትልክ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። አንድ ሰው እሑድ ማታ ተመዝግቦ በየሁለት ሳምንቱ 340 ግራም ያልተፈጨ ቡና እንዲላክለት ያዝዛል።

የመጀመሪያው ኢሜይል እዚያው በተመዘገበበት ደቂቃ መድረስ አለበት። ገንዘብ የከፈለ ሰው ማረጋገጫ ይፈልጋልና ሲዘገይ ይጠራጠራል። ርዕሱ «ቡናዎ ነገ ይቆላል» ቢሆን፣ ሳይከፈት እንኳ ዋናውን ነገር ይናገራል። ውስጡም አጭር ነው፦ «ሰኞ እንቆላለን፣ ማክሰኞ እንልካለን፣ ዓርብ አካባቢ ይደርስዎታል። አድራሻ መቀየር ከፈለጉ እስከ ሰኞ ማታ ይጻፉልን።» በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ «ቡናዎን የሚያፈሉት በምንድን ነው? በጀበና፣ በወረቀት ማጥለያ ወይስ በማሽን?» ሁለተኛው ኢሜይል የሚጻፈው በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሁለተኛውን ብዙዎች «ከሦስት ቀን በኋላ» ብለው ያስቀምጡታል። ፖስታ ከዘገየ ግን ደንበኛው ቡናው እጁ ሳይገባ የአፈላል ምክር ይደርሰዋል። ስለዚህ መነሻው የቀን ቆጠራ ሳይሆን «ዕቃው ደርሷል» የሚለው የፖስታ ቤቱ ማሳወቂያ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው እንግዳ የሚሆን ነገር አለ። በቤታችን ቡና ተቆልቶ ወዲያው ይፈላል። በወረቀት ማጥለያ ለሚያፈላ ግን አዲስ የተቆላ ቡና ያስቸግራል፤ ፍሬው ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ውሃው ዱቄቱን በደንብ እንዳያርሰው ይከለክላል። ይህ ጋዝ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወጣል። ዓርብ የደረሰው ቡና ከተቆላ አራት ቀኑ ነውና ከዚያ ቀን ጀምሮ መሞከር ይቻላል። ኢሜይሉ ይህንን ካስረዳ በኋላ ልኩን ይሰጣል፦ 20 ግራም ቡና፣ 320 ግራም ውሃ፣ ውሃው ፈልቶ ጥቂት ከበረደ በኋላ። ከዚያም ማስተካከያው ይከተላል፤ ከጎመዘዘ ፈጨቱን ማላም፣ ከመረረ ማሻከር። የሚያፈላው በጀበና ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ አይላክለትም፤ እሱ የሚፈልገው የተቆላበትን ቀንና እንዴት እንደሚያስቀምጠው ማወቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ለመላክ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። 340 ግራም፣ ለአንድ ስኒ 20 ግራም ቢገባ፣ 17 ስኒ ነው። ብቻውን በቀን አንድ የሚጠጣ ሰው 17 ቀን ይቆይበታል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ግን በዘጠነኛው ቀን ያልቅባቸዋል። ሁለቱም በየ14 ቀኑ አንድ ከረጢት ይደርሳቸዋል። አንዱ ጋ ቡና ይከማቻል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል። ያልተከፈተ ከረጢት ሲደራረብበት ደንበኛው ምዝገባውን ለመሰረዝ ይነሳል።

ስለዚህ ቡናው በደረሰ በሳምንቱ፣ ማለትም በቀጣዩ ዓርብ፣ «ከረጢቱ ምን ያህል ቀረው?» የሚል ኢሜይል ይሂድ። ከሥሩ ሦስት ሊንክ ይኑረው፦ «ብዙ አለ፣ አንድ ሳምንት አዘግዩልኝ»፣ «ልክ ነው»፣ «ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ ላኩልኝ»። ዓርብ የተመረጠው ለቀጣዩ ከረጢት የሚሆነው ቡና በሚቀጥለው ሰኞ ስለሚቆላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መልስ ለዚህ ዙር አይደርስም። ቅናሽ መስጠት ካለባትም እዚህ ላይ ለሁለት ከረጢት ብትሰጥ ትርጉም ይኖረዋል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ስንት ሰው ኢሜይሉን እንደከፈተ መቁጠር ያሳስታል። አፕል ከ2021 ጀምሮ በስልኮቹ ላይ ባስገባው የግል መረጃ ጥበቃ ምክንያት፣ ያልተነበበ ኢሜይል እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። የሚታመነው መልስ የጻፈና ሊንኩን የነካ ሰው ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ የማስታወቂያ ኢሜይል የሚልክ ደግሞ የፖስታ አድራሻውንና ከዝርዝሩ መውጫውን ማስቀመጥ በሕግ ይገደዳል፤ ልውጣ ያለን ሰውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስወጣት አለበት።

ኢሜይሎቹን ለማዘጋጀት የምትነሱ ቡና ነጋዴዎች፣ ከመጻፋችሁ በፊት የምትቆሉበትን ቀን፣ ቡናው የሚደርስበትንና የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ኢሜይሎቹ የሚላኩት በእነዚያ ቀናት ነው።