ትርፉ ነገ፣ ክፍያው ዛሬ

አንድ አስመጪ ሀምቡርግ ወደብ ባለ መጋዘን 17 ቶን የሲዳማ ቡና አስቀምጧል እንበል። ቡናውን ገዝቶታል፤ የሚገዛው ቆይ ግን ገና አላገኘም። እስኪያገኝ ድረስ የዓለም ዋጋ ቢወርድ ኪሳራው የእሱ ነው። ስለዚህ ኒውዮርክ ባለው የአይስ ገበያ አንድ የጁላይ የአረቢካ ፊውቸርስ ውል ይሸጣል።

ፊውቸርስ ማለት ወደፊት በተወሰነ ወር ለሚረካከቡት ዕቃ ዋጋውን ዛሬ የሚቆርጡበት ውል ነው። መጠኑንም፣ ጥራቱንም፣ ወሩንም ገበያው አስቀድሞ ስለወሰነው ድርድሩ በዋጋ ብቻ ነው። የአንድ ቡና ውል መጠን 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ገደማ ነው። አስመጪያችን ፓውንዱን በ3 ዶላር ቢሸጥ የውሉ ዋጋ 112,500 ዶላር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ግን ማንም አይከፍልም። ገዢም ሻጭም ማርጂን የሚባል መያዣ ያስይዛሉ። ልኩ ከገበያው ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል፤ እኛ ለምሳሌ 9,000 ዶላር እንበለው፤ ከ8,000 በታች እንዲወርድም አይፈቀድም። ቀብድ ግን አይደለም፤ ከዋጋው ላይ አይታሰብም። ኪሳራ ቢመጣ የሚከፈልበት ገንዘብ ነው።

ኪሳራው ደግሞ ውሉ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በየቀኑ ገበያው ሲዘጋ ሒሳብ ይተሳሰባል። ዋጋው በ5 ሳንቲም ቢጨምር፣ ሻጩ ከመያዣው 1,875 ዶላር ይቀነስበታል፤ ያው ገንዘብ ለገዢው ይገባል። ቀሪው 7,125 ስለሆነ ደላላው ይደውላል፤ መያዣውን ወዲያው ወደ 9,000 መመለስ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ሲጨምር መጋዘን ያለው ቡናም አብሮ ስለሚወደድ አስመጪው በመሠረቱ አልከሰረም። ነገር ግን ቡናው እስኪሸጥ ጥሬ ገንዘብ አይሆንም፤ ደላላው ደግሞ የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው። በ2024 መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአረቢካ ዋጋ የ1977ቱን ክብረ ወሰን አልፎ ሲወጣ፣ ቡና በእጃቸው ይዘው ፊውቸርስ የሸጡ ነጋዴዎች በዚሁ ክፍያ ተጨንቀዋል። መክፈል ያቃተውን ደላላው ውሉን ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ቢወርድ፣ ነጋዴው የፊውቸርሱንም የቡናውንም ኪሳራ ይሸከማል። ስለዚህ ውሉን ከመሸጡ በፊት ባንኩ ስንት ሳንቲም ጭማሪ እንደሚያስችለው ማስላት ነበረበት፤ 20 ሳንቲም በአንድ ውል 7,500 ዶላር፣ በአሥር ውል 75,000 ነው።

ነገሩ ከተሳካለት ግን ቡናውን በሸጠ ቀን ያንኑ የጁላይ ውል መልሶ ይገዛና ይወጣል። አብዛኛው ውል የሚዘጋው እንዲህ ነው። የጁላይ ውል የመረካከቢያ ማስታወቂያ የሚጀምረው ወሩ ከመግባቱ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ውሉን ያልዘጋ ገዢ የመጋዘን ደረሰኝ ተሰጥቶት የቡናውን ሙሉ ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። ያልዘጋ ሻጭም ማስረከብ ያለበት ገበያው ባጸደቀው መጋዘን ያለና ጥራቱ የተመሰከረለት ቡና ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ማንኛውም ቡና አይሆንለትም።