ከአንድ ላባ ወፏን ማወቅ እስከ የት ይደርሳል?

መርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ማሳ ዳር፣ አንድ ላባ ወድቆ አገኛችሁ እንበል። መልኩ ጠቆር ያለ ግራጫ ሲሆን ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ፎቶውን ልካችሁ «የምን ወፍ ነው?» ብትሉኝ፣ ሳላመነታ ጅግራ ነው እላችኋለሁ። ነጠብጣብ ያለው ሌላ የጅግራ ዓይነትም በአገራችን አለ፤ እሱ ግን የሚኖረው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ነው። የጎጃም ደጋ ላይ አይጠበቅም። ስለዚህ ግማሹን ሥራ የሠራው ላባው የተገኘበት ቦታ ነው። ቦታው ያልተነገረለት የላባ ፎቶ ዋጋው ወዲያው ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ ያገኛችሁት ጥቁር ላባ ነው እንበል። እዚህ ነገሩ ይከብዳል። በደጋው ላይ ጥቁር ላባ ያላቸው ቁራዎች ከአንድ በላይ ናቸው። የአገራችን ትልቁ ቁራ፣ ምንቃሩ እጅግ የወፈረው፣ የሚታወቀው በማጅራቱ ነጭ ምልክት ነው፤ የክንፉ ላባ ግን ጥቁር ብቻ ነው። ከሌሎቹ ለመለየት የሚያግዘን መጠኑ ነው፤ ማስመሪያ አጠገቡ ካልተቀመጠ ግን መጠኑ ከፎቶ አይነበብም።

መጠኑንም ከማመዛዘን በፊት ላባው ከየት የሰውነት ክፍል እንደወደቀ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመሃሉ አጥንት ግራና ቀኝ ያለውን ስፋት ተመልከቱ። አንደኛው ጎን ጠባብ፣ ሌላኛው ሰፊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የክንፍ ጫፍ ላባ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ከጅራቱ መካከል የወጣ ሊሆን ይችላል። ጠባቡ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተከፋፈለና ገጹ እንደ ከፋይ ጨርቅ ከለሰለሰ ጉጉት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ስትበር ድምፅ የማታሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን ከሩቅ በተነሣ ፎቶ አይታይም። ከቅርብ፣ በጥላ ውስጥ፣ ላባውን ከላይም ገልብጣችሁም አንሡት።

ጎጆ ደግሞ የሚናገረው ስለ ሠሪዋ ነው፤ ውስጡ ስላለችው ወፍ ላይሆን ይችላል። ወንዝ ዳር ካለ ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል፣ ከጭራሮ የተከመረ፣ ጣሪያ ያለው፣ ስፋቱ እስከ ሜትር ተኩል የሚደርስ ግዙፍ ጎጆ ካያችሁ፣ የሠራችው ራሷ መዶሻ የሚመስለው ቡናማዋ የውኃ ዳር ወፍ ናት፤ ከሌላ ጋር አይምታታም። ሆኖም እሷ ስትለቀው ጉጉት ወይም ዝይ ሊገባበት ይችላል። እንቁላል ከዚህም ይበልጥ ያሳስታል። ከሣር በተጎነጎነ ተንጠልጣይ ጎጆ ውስጥ ያለው እንቁላል ሁሉ የሠሪዋ ላይሆን ይችላል፤ ዲዴሪክ የምትባለው ኩኩ የራሷን እዚያ ጥላ ትሄዳለችና፣ የእንቁላሏም መልክ የባለቤቷን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በእንቁላል ፎቶ ብቻ አልፈርድም። የወላጅዋን መመለስ ራቅ ብሎ መጠበቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየን ነገር የተገኘው በአገራችን ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጣ የአጥኚዎች ቡድን አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኘ። አካሏ ፈርሶ ነበርና ለጥናት የበቃው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ሌሊት ነፍሳት እያደኑ፣ ቀን መሬት ላይ ተለጥፈው ከሚውሉት ወፎች ወገን መሆኗ ከላባዎቹ ታወቀ። ግን ክንፉን በሙዚየም ካሉ ክንፎች ጋር ሲያስተያዩት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በ1995 እ.ኤ.አ. ካፕሪሙልገስ ሶላላ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቷት አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የወፍ አፍቃሪዎችም እሷን ፍለጋ ወደ ነጭ ሣር ተጓዙ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ከዚያው ክንፍ የተወሰደ ዘረመል ሲመረመር የተለየ መልስ መጣ፤ ወፏ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ናት የሚል። ላባዎቹ አልዋሹም፤ ከሚታወቁት ከማንኛዋም ጋር እንደማትገጥም በትክክል ተናግረዋል። ለምን እንደማትገጥም ግን በመልክ ብቻ ሊናገሩ አይችሉም ነበር። ክንፉ በፎቶ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አዲስ ዝርያ ናት ብለን እናምን ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ግራ የሚያጋባ ላባ ስታገኙ ፎቶው አይብቃችሁ። ላባውን በደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አኑሩት፤ የላባው ሥር ለዘረመል ምርመራ የሚያገለግል ነገር ሊይዝ ይችላል። ፖስታው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። የጎጆውን እንቁላል ግን አትንኩት፤ ፎቶውን ፈጥናችሁ አንሡና ራቁ።