በስንት ወር ይካፈል?

በደንበኝነት ክፍያ የሚተዳደር ድርጅት በወር ስንት ያገኛል? ደንበኞቹ ሁሉ በየወሩ የሚከፍሉ ከሆነ ባንክ የገባውን ደምሮ መመለስ ይቻላል። ገሚሱ በየወሩ፣ ገሚሱ በየሦስት ወሩ፣ የቀረው በዓመት አንዴ የሚከፍል ከሆነ ግን የባንኩ ወረቀት አሳሳች ይሆናል። ለዚህ የሚያገለግለው ቁጥር ወርሃዊ ተደጋጋሚ ገቢ ይባላል፤ በሙያው ያሉ ሰዎች ባጭሩ ኤምአርአር ይሉታል። በአንድ በተወሰነ ቀን በሥራ ላይ ያሉት ውሎች በሙሉ ወደ አንድ ወር ሲመነዘሩ ስንት እንደሚሆኑ የሚናገር ቁጥር ነው። የወር ክፍያ እንዳለ ይወሰዳል፣ የሦስት ወሩ ለ3፣ የዓመቱ ለ12 ይካፈላል፣ ከዚያ ይደመራል።

ይህን ማንም ያውቀዋል ብዬ አልፈው ነበር። ግን ሰው የሚሳሳተው በድምሩ ሳይሆን በማካፈሉ ነው፤ እኔም የምወደው ይህንኑ የማካፈሉን ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያከራይ ድርጅት አለ እንበል። ከቫት በፊት ዋጋው በወር 1,200 ብር ነው። ለሦስት ወር በአንዴ ለሚከፍል 3,300 ብር፣ ለዓመት በአንዴ ለሚከፍል ደግሞ 12,000 ብር ነው። ድርጅቱ 40 የወር፣ 18 የሦስት ወር እና 30 የዓመት ደንበኞች አሉት። የወር ከፋዮቹ 48,000 ብር ያመጣሉ። የሦስት ወሮቹ እያንዳንዳቸው ሲመነዘሩ 1,100 ስለሚሆኑ 19,800 ብር፣ የዓመቶቹ እያንዳንዳቸው 1,000 ስለሚሆኑ 30,000 ብር ይጨምራሉ። የድርጅቱ ወርሃዊ ተደጋጋሚ ገቢ እንግዲህ 97,800 ብር ነው።

አሁን የባንኩን ወረቀት እንየው። የዓመት ውል በአዲስ ዓመት ማደስ የተለመደ ነውና ከ30ዎቹ 12ቱ በመስከረም ከፈሉ እንበል። ከሦስት ወር ደንበኞቹ ደግሞ በየወሩ ስድስት ስድስቱ ተራቸው ይደርሳል። በመስከረም የገባው ገንዘብ 48,000፣ 19,800 እና 144,000፣ በድምሩ 211,800 ብር ይሆናል። በጥቅምት ያደሰው የዓመት ደንበኛ አንድ ብቻ ከሆነ የገባው 79,800 ብር ነው። አንድም ደንበኛ አልሄደም፣ አንድም ደንበኛ አልመጣም። ወርሃዊ ተደጋጋሚ ገቢውም በሁለቱም ወር 97,800 ነው። ነገር ግን በመስከረም ሠራተኛ የሚቀጥሩ፣ በጥቅምት የሽያጭ ክፍሉን ሰብስበው የሚቆጡ ሥራ አስኪያጆች አጋጥመውኛል። በመስከረም ከገባው ውስጥ አብዛኛው የዓመት ደንበኛ ገንዘብ እኮ ገና አልተሠራበትም፤ ድርጅቱ የአሥራ አንድ ወር አገልግሎት ዕዳ አለበት። ገንዘቡ በእጅ ያለ ስለሆነ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ያ ጥሩ ነው፤ የወር ገቢ ብሎ መጥራት ግን ስህተት ነው።

ወደ ማካፈሉ እንመለስ። የዓመቱ ዋጋ 12,000 የሆነው እንዴት እንደሆነ አስተውላችኋል? የሽያጭ ሰዎች ለደንበኛው «የአሥር ወር ከፍለው ዓመት ይጠቀሙ» ይሉታል። ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ ደንበኛው የከፈለው የአሥር ወር ነው ብለው 12,000ን ለ10 ያካፍሉና 1,200 ይጽፋሉ። ከወር ከፋዩ ጋር እኩል ስለሚመጣ ልክ ይመስላል። በዚህ አያያዝ 30ዎቹ የዓመት ደንበኞች በ30,000 ፈንታ 36,000 ብር ሆነው ይቆጠራሉ፤ ድርጅቱም በየወሩ የሌለ 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር አለኝ ይላል። ይህ 72,000 ብር ለ30 ሰዎች በነጻ የተሰጠው ሁለት ሁለት ወር ነው። የተሰጠ ቅናሽ ተመልሶ ገቢ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው።

ደንቡ አንድ ነው፤ ክፍያው የሚካፈለው አገልግሎቱ ለሚቆይበት ወር ብዛት ነው። ደንበኛው የስንት ወር ዋጋ እንደከፈለ አይጠየቅም፣ ለስንት ወር እንደሚገለገል ነው የሚጠየቀው። «የሦስት ወር ለከፈለ አንድ ወር በነጻ» የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ደንበኛው አራት ወር የሚገለገል ከሆነ አካፋዩ 3 መሆኑ ቀርቶ 4 ይሆናል። ስጦታው ምንም ስም ይሰጠው ከዚህ ደንብ አያመልጥም።

ከዚህ ደንብ ብዙዎች የማይቀበሉት አንድ ነገር ይከተላል። አምስት የወር ከፋዮች በኅዳር ወደ ዓመት ውል ተዛወሩ እንበል። ባንክ 60,000 ብር ገባ፣ ሽያጭ ክፍሉ ተደሰተ። ወርሃዊ ተደጋጋሚ ገቢው ግን ቀነሰ። ከአምስቱ እያንዳንዱ ከ1,200 ወደ 1,000 ስለወረደ 97,800 የነበረው 96,800 ሆነ። «እንዴት ገንዘብ አምጥቼ ቀነስክ እባላለሁ?» የሚል ሽያጭ ሠራተኛ ቅሬታው ይገባኛል፤ ቁጥሩ ግን እውነቱን ነው የተናገረው። ድርጅቱ ገንዘቡን ቀድሞ ለማግኘትና ደንበኛውን ለአንድ ዓመት ለማቆየት በወር 1,000 ብር ከፍሏል። ዋጋው ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ባለቤቱ ይወስን፤ መወሰን የሚችለው ግን ቅናሹን ሳይደብቁ ከነገሩት ነው።

ይህን ለአንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ሳስረዳ አቋርጣ፣ «ጋሼ፣ የእኛ ዓመት እኮ አሥራ ሦስት ወር ነው። ውሉ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ከሆነ ለምን በ12?» አለችኝ። በዚህ ሥራ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

በ13 ብናካፍል የዓመቱ ደንበኛ በወር 923 ብር ከ8 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ስህተት የሚሆነው ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ነው። ደመወዝም የቤት ኪራይም በተለምዶ በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ጳጉሜን በ12ቱ ውስጥ ተጠቃላ ትሄዳለች። ድርጅቱም ወር ከፋዩን ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ጊዜ አስከፍሎ ጳጉሜንን ካለፈ፣ የወር ደንበኛው ዓመት 12 ክፍያ አለው። የዓመቱን ደንበኛ ከወሩ ደንበኛ ጋር ማመሳሰል የምንፈልግ ከሆነ አካፋያቸውም አንድ መሆን አለበት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አያልቅም። አንዳንድ የማስከፈያ ሥርዓቶች ወር የሚባል ነገር አያውቁም፤ በየ30 ቀኑ ነው የሚያስከፍሉት። የእኛ ወር ደግሞ ልክ 30 ቀን ነው። መስከረም 1 የተመዘገበ ደንበኛ ጥቅምት 1፣ ኅዳር 1፣ እያለ እስከ ነሐሴ 1 በየወሩ መጀመሪያ ይከፍላል፤ ለወራት ማንም ምንም ችግር አያይም። ከዚያ ጳጉሜን 1 ሲደርስ ሥርዓቱ 13ኛውን ክፍያ ይጠይቃል። በስልክ «ለአምስት ቀን ሙሉ ወር ታስከፍሉኛላችሁ?» የሚለው ቁጣ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በርግጥ ክፍያው ለአምስት ቀን አይደለም፤ እስከ መስከረም 25 ያገለግላል፣ ቀጣዩም መስከረም 26 ይሆናል። ግን ይህን ደንበኛው ውል ሲይዝ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ስሌቱም ይለወጣል። በየ30 ቀኑ 1,200 ብር የሚከፍል ሰው በ365 ቀን ውስጥ በአማካይ 12.17 ጊዜ ይከፍላል፤ ይህ በዓመት 14,600 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 1,216 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለ40ዎቹ የወር ደንበኞች ግን በዓመት 8,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመሥራታችሁ በፊት የማስከፈያ ሥርዓታችሁ የሚቆጥረው ወር ይሁን 30 ቀን ጠይቁ። ሁለቱ ተደባልቀው በአንድ ዓምድ ሲቀመጡ ነው ችግር የሚፈጠረው።

ቫትን በተመለከተ ባጭሩ፤ ቫት የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ቫት የተጨመረበትን ዋጋ የያዘ ሰው ግን 15 ከመቶ ቀንሶ እንዳይሄድ። 1,380 ብር ላይ 15 ከመቶ ቢቀነስ 1,173 ይመጣል፤ ትክክለኛው ለ1.15 ማካፈል ሲሆን 1,200 ይሰጣል። የማስጀመሪያና የሥልጠና ክፍያም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ስለሆነ አይደመርም።

በኤክሴል ለመሥራት ለእያንዳንዱ ውል አንድ ረድፍ ይበቃል። በC ዓምድ አገልግሎቱ የሚቆይበት የወር ብዛት፣ በD ከቫት በፊት ያለው ክፍያ፣ በE ውሉ የጀመረበት ቀን፣ በF የሚያበቃበት ቀን፣ በH1 ደግሞ ቁጥሩ የሚወሰድበት ቀን ይጻፋል። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቡ፤ ኤክሴል ጳጉሜን 3 የሚል ቀን አይቀበልም። የሚከተለው ቀመር በየረድፉ ይጻፋል፣ ውጤቶቹም ይደመራሉ።

```
=IF(AND(E2<=$H$1, F2>=$H$1), D2/C2, 0)
```

የF ዓምድ እዚህ ያለው በምክንያት ነው። ደንበኛው ከሒሳቡ በራሱ የሚቆረጥበት ሳይሆን በቴሌብር ወይም በባንክ እየላከ የሚከፍል ከሆነ፣ ውሉ ያበቃበትን ሰው «ነገ ይከፍላል» እያሉ ለወራት በዝርዝሩ ማቆየት ይመጣል። እንዲህ የተሠራ ቁጥር ሲያድግ እንጂ ሲወድቅ አይታይም። የጥቂት ቀን ምሕረት መስጠት ከፈለጋችሁ የቀኑን ብዛት አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ለሁሉም ደንበኛ አንድ አድርጉት፣ የሽያጭ ክፍሉ ቢለምንም አትለውጡት።

ቁጥሩ ልክ መሆኑን በዓመት አንዴ መፈተን ይቻላል። በ12 ወር የገባውን ገንዘብ ውሰዱ፣ ቫቱንና የአንድ ጊዜ ክፍያዎችን አውጡ፣ ለ12 አካፍሉ። ደንበኛ ካልተለዋወጠ በምሳሌአችን 1,173,600 ብር ይገባል፣ ለ12 ሲካፈል 97,800 ይሰጣል። ቅድሚያ የከፈሉ አዳዲስ የዓመት ደንበኞች በብዛት ከመጡ የገባው ገንዘብ ከዓመቱ የወርሃዊ ቁጥሮች አማካይ ይበልጣል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። የገባው ገንዘብ ከአማካዩ በጣም ካነሰ ግን አንድ ቦታ ላይ ለ12 መካፈል ያለበት ለ10 ተካፍሏል፣ ቫት አብሮ ተደምሯል፣ ወይም ውላቸው ያበቃ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እኔ መፈለግ የምጀምረው ከF ዓምድ ነው።